የሰፈራችን ዳቦ ቤት ልደት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ! ዘንድሮ እንቁጣጣሽ ለሰፈራችን ዳቦ ቤትም ልደቱ ነው፤ አሥር ዓመት ሞላው። ባለቤቷ ለደንበኞቿ አጭር የምስጋና ቪዲዮ ልትለቅ አስባ «ጽሑፉን አንተ ጻፍልኝ፤ ብቻ ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ» አለችኝ። ጳጉሜን የያዝኩት በዚሁ ሥራ ነው።

«ክቡራን ደንበኞቻችን፣ ላለፉት ዓመታት በጥራትና በታማኝነት ስናገለግላችሁ ቆይተናል» የሚለውን ዓይነት ታውቁታላችሁ። ጫማ ቤትም ባንክም ሊለው ይችላል። ደግሞ ምስጋና ይባል እንጂ የሚያወራው ስለ ራሱ ነው፤ አገለገልን፣ አስፋፋን፣ አሳደግን። ስለዚህ ባለቤቷን «ሰዎቹስ ምን አደረጉልሽ?» አልኳት። «ገዙኝ!» ብላ ሳቀች። ቆየት ብላ ግን ተራ በተራ ታወጣው ጀመር። የጻፍኩት የነገረችኝን ነው፦

«ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሊጡ ኩፍ ብሎ ሲያልፍብን፣ ጠዋት የወጣውን ጠፍጣፋና ኮምጣጣ ዳቦ ወስዳችሁልናል። በማግስቱ ነግራችሁናል፤ እሱንም አንረሳም።

ዱቄት ሲወደድ ዳቦው ትንሽ አነሰ። ‹አነሰ እንዴ?› ያላችሁን፣ አዎ፣ አንሷል። አውቃችሁም አልቀራችሁም።

በበዓል ዋዜማ የድፎ ሊጣችሁን በትሪ ይዛችሁ መጥታችኋል። ከሰው ትሪ እንዳይቀያየር ጫፉ ላይ ክር አስራችሁ፣ ለኛ ትታችሁልን ሄዳችኋል። የቤታችሁን የበዓል ዳቦ ነው ያመናችሁን።

እናመሰግናለን። እንኳን አደረሳችሁ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ቀስ ብሎ ሲነበብ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ሁለተኛውን አንቀጽ ባለቤቷ ልታስወጣው ፈልጋ ነበር። እኔ ግን ቪዲዮውን የሚያሳምነው እሱ ነው ባይ ነኝ። ማስታወቂያ ዳቦዬ አንሷል አይልም።

ቀረጻው በስልክ ነው። ምድጃው ሲከፈት እንፋሎቱ ሌንሱን ስለሚያደበዝዘው ራቅ ብሎ መቆም ያስፈልጋል። ሙዚቃ አላስገባንም፤ ትሪው ከብረቱ ጋር ሲፋተግ የሚሰማው ድምፅ ይበቃዋል። የደንበኞችን ፊት ያነሳነው አስፈቅደን ነው። አንዲት እናት «ፊቴን ተወው፣ ዳቦዬን አንሳው» ስላሉን የእሳቸው እጅና ክር የታሰረበት ትሪ ብቻ ገባ። ከሁሉም እሱን ወድጄዋለሁ።

መጨረሻ ላይ ስልክ ቁጥርና አድራሻ ይግባ ያለ ዘመድ ነበር። ባለቤቷ እምቢ አለች። «የምናመሰግናቸው ሰዎች እኮ ቤቱን ያውቁታል» ነው ያለችው። ቅናሽም የለም፤ «ኑ ጎብኙን»ም የለም። እነሱ ቢገቡ ኖሮ ከላይ ያለው ሁሉ ለሽያጭ መንደርደሪያ ይሆን ነበር።

ቪዲዮው ዛሬ ማታ ይለቀቃል። ድፎ የምትደፉ፣ ኮባችሁን ከአሁኑ ግዙ፤ ዋዜማ ላይ ይወደዳል። መልካም አዲስ ዓመት!