ዜሮ ዴልታ ይዤ ያደርኩባት ሌሊት

የአክሲዮን ኦፕሽን በተደራጀ ገበያ መሸጥና መግዛት የተጀመረው በ1973 በቺካጎ ነው፤ እኔም ሥራውን የተማርኩት በዚያችው ከተማ፣ በራሱ ገንዘብ በሚነግድ አንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነበር። የስጋት ቁጥጥሩን የሚመሩት ከእኔ በብዙ ዓመት ቀድመው የመጡ አንድ ኢትዮጵያዊ ሲሆኑ፣ ፈረንጆቹ ባልደረቦቻችን ሳይቀሩ ትርጉሙን ሳያውቁት «ጋሼ» ይሏቸው ነበር። ከዚህ በታች የምተርከው በሁለት ቀን ውስጥ 640 ዶላር ያጣሁበትን ጉዳይ ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ የጠፋበት መንገድ ግን ከዚያ በኋላ በያዝኩት ውል ሁሉ ዓይኔ ላይ የሚመጣ ሆኗል። ለማስረዳት እንዲመች ቁጥሮቹን አጠጋግቻለሁ፤ የአክሲዮኑን ቮላቲሊቲ፣ ማለትም ገበያው የሚጠብቀውን የዋጋ መዋዠቅ፣ ሁለቱንም ቀን በዓመት 32 በመቶ አድርጌ ይዤዋለሁ፤ ኮሚሽንንም ትቼዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት አንድ የታወቀ ኩባንያ አክሲዮን 100 ዶላር ላይ ነበር። እኔ ዓርብ የሚያበቃ፣ የመግዣ ዋጋው 100 ዶላር የሆነ ኮል ኦፕሽን 10 ውል በ1.80 ሸጥኩ። አንዱ ውል 100 አክሲዮን ስለሚወክል፣ ለገዢው እስከ ዓርብ ድረስ 1,000 አክሲዮን በ100 ዶላር የመግዛት መብት ሰጥቼ 1,800 ዶላር ተቀበልኩ ማለት ነው። አክሲዮኑ ባለበት ከቆየ ይህ ገንዘብ ቀን በቀን የእኔ እየሆነ ይሄዳል፤ በሰኞው ስሌት በቀን 180 ዶላር ያህል፤ በሙያው ቋንቋ ቴታ የሚባለው ይህ ነው። ከወጣ ግን ባለዕዳው እኔ ነኝ።

ዴልታ የሚነግረን አክሲዮኑ በአንድ ዶላር ሲንቀሳቀስ የኦፕሽኑ ዋጋ በስንት እንደሚንቀሳቀስ ነው። የእኔ ኮል ዴልታ 0.51 ነበር፤ አክሲዮኑ አንድ ዶላር ቢወጣ ኮሉ በ51 ሳንቲም ይወደዳል፣ በ1,000 ሲባዛ ደግሞ 510 ዶላር እከስራለሁ። ስለዚህ 510 አክሲዮን ገዛሁ፤ በኮሉ የማጣውን በአክሲዮኑ አገኘዋለሁ። ስክሪኑ ላይ የዴልታው ዓምድ ዜሮ አለ፤ እኔም ሥራዬን በሚገባ እንደጨረሰ ሰው ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ከዜሮው ቀጥሎ ባለው ዓምድ በቀይ -88 ተጽፎ ነበር። አይቼዋለሁ፤ ነገር ግን አላነበብኩትም።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሌሊቱን ስለተፎካካሪው ድርጅት በወጣ ዜና ምክንያት፣ አክሲዮኑ በ104 ተከፈተ። በ101፣ በ102 ወይም በ103 ልገዛ የምችልበት አንድም ቅጽበት አልነበረም፤ ትናንት ሲዘጋ 100 ነበር፣ ዛሬ ሲከፈት 104። የሸጥኩት ኮል ከ1.80 ወደ 4.36 ስለዘለለ በእርሱ 2,560 ዶላር አጣሁ፤ 510ዎቹ አክሲዮኖች በአራት አራት ዶላር 2,040 አስገኙልኝ። ልዩነቱ 520 ዶላር ኪሳራ ነው። ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ አንድ ቦታ የተሳሳተ ትዕዛዝ ሰጥቼ ይሆናል ብዬ የሰኞን ደረሰኞች አንድ በአንድ አየሁ። ሁሉም ትክክል ነበሩ።

ጋሼ ከኋላዬ መጥተው ቆሙና፣ «ትናንት ስትወጣ ስንት አክሲዮን ይዘህ ነበር?» አሉኝ።

«510፣ ጋሼ። ዴልታው ዜሮ ነበር።»

«በ100 ላይ ዜሮ ነበር። አሁን 104 ላይ ስንት ያስፈልግሃል?»

ስክሪኑን አየሁ፤ 840 ይላል። «330 ይጎድለኛል» አልኳቸው።

«ይህንን ቁጥር ዛሬ ነው የምትነግረኝ?» ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ከዚያ ያስረዱኝን በራሴ ቃል ልጻፈው። ዴልታ ቋሚ ቁጥር አይደለም፤ አክሲዮኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አብሮ ይቀየራል፣ የሚቀየርበትም ፍጥነት ጋማ ይባላል። የእኔ -88 ማለት፣ አክሲዮኑ አንድ ዶላር በወጣ ቁጥር 88 ያህል አክሲዮን ይጎድለኛል፣ አንድ ዶላር በወረደ ቁጥር ደግሞ 88 ይተርፈኛል ማለት ነው። ኦፕሽን የሸጠ ሰው ሁልጊዜ የሚጎድለው ሲወጣ፣ የሚተርፈው ሲወርድ ነው፤ በተሳሳተው ጊዜ የተሳሳተውን መጠን ይዞ ይገኛል። አራት ዶላር ሲወጣ 350 ያህል መጉደል ነበረበት። በእርግጥ የጎደለው 330 ነው፤ ልዩነቱ የመጣው ጋማው ራሱ ከመግዣ ዋጋው ስንርቅ እየቀነሰ ስለሚሄድ ነው።

ኪሳራውን ሰኞ ማታ በእጅ ማስላት ይቻል ነበር። ጉድለቱ በ100 ላይ ዜሮ ነው፣ በ104 ላይ 350 ገደማ ነው፤ በመንገዱ ሁሉ በአማካይ የጎደለው የዚህ ግማሽ ስለሆነ፣ ጋማውን በእንቅስቃሴው ካሬ አባዝቶ ለሁለት ማካፈል ነው፦

```
0.5 × 88.5 × 4 × 4 = 708
708 − 180 = 528
```

708 ዶላር በጋማ ይጠፋል፣ 180 ዶላር በቴታ ይመለሳል፣ የተጣራው 528 ነው፤ የእኔ መዝገብ 520 ይላል። ጋሼ በብዕራቸው 180ን ከበቡና፣ «ይህን የምትቀበለው ለዚያኛው ነው» አሉ። ሁለቱ እኩል የሚሆኑበትን እንቅስቃሴ ስናሰላ 2 ዶላር መጣ፤ አክሲዮኑ በቀን ከ2 ዶላር በታች ከተንቀሳቀሰ አተርፋለሁ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ እከስራለሁ፣ አራት ከሆነ ደግሞ የጋማው ኪሳራ ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ሰኞ ማታ ይህን ባውቅ ኖሮ ውሉን አልሸጠውም ነበር ማለቴ አይደለም፤ ምን እንደሸጥኩ ግን አውቅ ነበር።

የጎደለኝን 330 አክሲዮን በ104 ገዛሁ፣ ዴልታውም እንደገና ዜሮ ሆነ። ከሰዓት በኋላ የዜናው ሙቀት በረደና አክሲዮኑ እየተንሸራተተ ወርዶ ገበያው ሊዘጋ ሲል 101 ላይ ቆመ። ኮሉ ወደ 1.96 ስለረከሰ 2,400 ዶላር መለሰልኝ፤ 840ዎቹ አክሲዮኖች ግን በሦስት ሦስት ዶላር 2,520 ወሰዱብኝ። ሌላ 120 ዶላር ሄደ፤ ድምሩ 640። አሁን ደግሞ ዴልታው የሚፈልገው 619 አክሲዮን ብቻ ስለሆነ፣ ጠዋት በ104 ከገዛሁት ላይ 221ዱን በ101 መሸጥ አለብኝ። በውድ ገዝቶ በርካሽ መሸጥ የነጋዴ ሞኝነት ይመስላል፤ ኦፕሽን ሸጦ በአክሲዮን የሚከላከል ሰው ግን ሕጉን ጠብቆ ሲሠራ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ የሚያበሳጭ ነገር አለ። ጠዋት ምንም ሳልነካ በ510 አክሲዮን ብቆይ ኖሮ፣ ቀኑ ሲያልቅ በ350 ዶላር ትርፍ እወጣ ነበር። ይህንን ለጋሼ ስነግራቸው፣ «ወደ 108 ቢሄድስ?» ብለው ብቻ መለሱልኝ። አሰላሁት፤ ከ104 ወደ 108 ቢወጣ ኖሮ 510 የያዘው ሰው ተጨማሪ 1,600 ዶላር ገደማ ያጣል፣ 840 የያዘው 300 ያህል። ጠዋት መግዛቴ ስህተት አልነበረም። ስህተቱ ሰኞ ነበር፣ ማክሰኞ ጠዋት ላይ ደግሞ ዋጋው ብቻ ነው የቀረው።

ታዲያ ሰኞ ምን ማድረግ ነበረብኝ? በመጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ተጨማሪ አክሲዮን መግዛት ነበር፤ ይህ ግን አይረዳም። የአንድ አክሲዮን ዴልታ ዋጋው የትም ቢደርስ አንድ ነው፣ ስለዚህ ጋማ የለውም፤ 510ም ገዛሁ 5,000፣ ያ -88 ንቅንቅ አይልም። የሸጥኩትን ጋማ ሊቀንስልኝ የሚችለው ሌላ ኦፕሽን መግዛት ብቻ ነው። ሰኞ የ103ቱ ኮል 70 ሳንቲም ነበር፤ 10 ውል ብገዛ 700 ዶላር ከፍዬ ከ88ቱ ጋማ 72ቱን አስወግድ ነበር፣ የሚያስፈልገኝም አክሲዮን 246 ብቻ ይሆን ነበር። በዚያ ይዞታ ማክሰኞ ጠዋት የሚደርስብኝ ኪሳራ 66 ዶላር ነበር። በነጻ ግን አይደለም፤ የቀን ገቢዬም ከ180 ወደ 33 ዶላር ይወርዳል። የጋማና የቴታ ዝምድና እንዲህ ነው፤ አንዱን ጥለህ ሌላውን ይዘህ አትሄድም።

ማክሰኞ ገበያው ከመዘጋቱ በፊት ጋሼ ባዶ ወረቀት ሰጡኝና ያን ይዞታ ለዓርብ እንዴት እንደማደርስ ጠየቁኝ። ሦስት ቀን ብቻ ስለቀረ ጋማው በ101 ዶላር ከ88 ወደ 108 አድጎ ነበር፤ አክሲዮኑ በ100 አካባቢ ሆኖ አንድ ቀን ሲቀረው ደግሞ 200 ሊደርስ ይችላል፣ በመጨረሻው ሰዓት ላይ ጥቂት ሳንቲም የሚያስፈልገኝን ከዜሮ ወደ 1,000 አክሲዮን ታሻግረዋለች። ሳመነታ፣ «ቅጣትህን ከፍለሃል፤ አሁን ኢንሹራንሱን ግዛ» አሉኝ። የ103ቱን ኮል 10 ውል በ64 ሳንቲም ገዛሁ፤ 640 ዶላር፣ ልክ ያጣሁትን ያህል፣ ይህን ሲያዩ ጋሼ ራሳቸው ሳቁ። 514 አክሲዮን ሸጬ 326 አስቀረሁ። ዴልታው ዜሮ ሆነ፤ ከአጠገቡ ያለው ዓምድ -10 አለ።

በዚህ ጊዜ ዕቃዬን አልሰበሰብኩም። ወረቀቱ ላይ 105 ብዬ ጻፍኩና አሰላሁ፤ በዚያ ዋጋ የሚያስፈልገኝ 206 አክሲዮን ነው፣ የያዝኩት 326፣ ስለዚህ እየወጣ 120 ይተርፈኛል፤ ይህ መልካም ትርፍ ነው። ጋሼ ኮታቸውን እየለበሱ ከትከሻዬ በላይ አነበቡና፣ «ከታች በኩልስ?» አሉ።

97 ብዬ ጻፍኩ። የገዛሁት ኮል ከ103 ከራቀ ዋጋ ቢስ ስለሚሆን ወደ ታች ሲኬድ ብዙም አያግዘኝም፤ የሚያስፈልገኝ 152 ነው፣ የያዝኩት ያው 326። አክሲዮኑ እየወረደ 174 ይተርፈኛል። አሥር የሚለው ቁጥር ትክክለኛነቱ በቆምኩበት በ101 ላይ ብቻ ነበር። ጋሼ ኮታቸውን አወለቁና መልሰው ተቀመጡ።