ለልጄ ስለ ጌም ሰዓት የጻፍኩት ደብዳቤና ከእሱ የተማርኩት

የ15 ዓመት ልጄ በትምህርት ቀናት ምሽት ጌም የሚጫወትበትን ጊዜ ለመወሰን ለረጅም ጊዜ የተጠቀምኩበት መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ዋይፋዩን አጠፋለሁ። አንድ ምሽት እንደ ልማዴ ካጠፋሁ በኋላ ልጄ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ከክፍሉ ወጣና «እማዬ፣ አራት ሰዎች እኮ ጥዬ ወጣሁ» አለኝ። በዚያች ሰዓት ንግግሩን እንደ ሰበብ ቆጥሬው ነበር። በማግስቱ ተረጋግቶ ሲያስረዳኝ ግን የሚጫወተው ጌም አምስት ለአምስት ሆነው በኢንተርኔት የሚጋጠሙበት መሆኑን፣ አንዴ ከተጀመረ ማቆሚያ ቁልፍ እንደሌለው፣ መሃል ላይ የወጣ ተጫዋች ጓደኞቹን ለአምስት ተጋጣሚ አራት አድርጎ እንደሚተዋቸው፣ ጌሙም እሱን እንደ ከሃዲ ቆጥሮ ደረጃውን እንደሚቀንስበትና ለተወሰነ ጊዜ እንዳይጫወት እንደሚያግደው ተረዳሁ። እኔ ሰዓት የማስከብር ሲመስለኝ፣ ለእሱ ግን በጓደኞቹ ፊት ቃሉን እንዲያጥፍ የማስገድደው ሰው ሆኜ ነበር።

ደብዳቤ ለመጻፍ የወሰንኩት ያኔ ነው። በቃል ስንነጋገር እኔ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ እሱ መልስ ይጀምራል፤ እኔም ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ወረቀት ግን አንብቦ፣ አስቀምጦ፣ እንደገና ሊያነበው ይችላል፤ ወዲያው መልስ ስጥ ብሎም አያፋጥጠውም።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍኩት በተጣላንበት ሳምንት ነበር፤ አልሰጠሁትም። ደግሜ ሳነበው «ሁልጊዜ»፣ «በጭራሽ» እና «ስንት ጊዜ ነገርኩህ» የሚሉት ቃላት ገጹን ሞልተውታል፤ ስለ ሰዓት ግን በመጨረሻው መስመር ላይ «በቀን 1 ሰዓት ይበቃሃል» ከሚል ፍርድ በቀር ምንም የለበትም። ያ 1 ሰዓት ከየት እንደመጣ ራሴን ብጠይቅ መልስ አልነበረኝም። እኔ ራሴ ምክንያቱን የማላውቀውን ቁጥር ልጄ እንዲቀበለኝ መጠበቄ አሳፈረኝ።

ስለዚህ ሁለተኛውን ከመጻፌ በፊት ለአንድ ሳምንት ምንም ሳልከለክል አብሬው ክፍሉ ውስጥ እየተቀመጥኩ፣ እሱም እያወቀ፣ ሰዓቱን መዘገብኩ። በዚያ ሳምንት 11 ግጥሚያዎች አየሁ። አጭሩ 22 ደቂቃ፣ ረጅሙ 47 ደቂቃ የፈጀ ሲሆን አብዛኞቹ 35 ደቂቃ አካባቢ ነበሩ። እያንዳንዱ ግጥሚያ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ተጋጣሚ እስኪገኝ የሚጠበቅበትና እያንዳንዱ ተጫዋች ገጸ ባሕርዩን የሚመርጥበት ወደ 8 ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ አለ። ከዚህ የተረዳሁት፣ «1 ሰዓት» ለዚህ ጌም ትርጉም የሌለው መለኪያ መሆኑን ነው፤ ለአንድ ግጥሚያ ይተርፋል፣ ለሁለት ደግሞ አይበቃም፤ ሁለተኛው ሁልጊዜ መሃሉ ላይ ይቆረጣል። ጌሙ የሚቆጠረው በግጥሚያ ስለሆነ ሕጉም መቆም ያለበት በግጥሚያ ላይ ነበር።

ቀጥሎ ስሌቱን ከእንቅልፍ ጀመርኩ፤ ምክንያቱም በእኔ በኩል በምንም መንገድ የማልደራደርበት ጉዳይ እሱ ብቻ ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንዳለባቸው ይገልጻል፤ እኔ መካከለኛውን 9 ሰዓት ወሰድኩ። ልጄ የሚነሳው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ስለሆነ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል። ከጋለ ግጥሚያ የወጣ ሰው ወዲያው አይተኛም፤ ለመታጠብ፣ ቦርሳ ለማዘጋጀትና መንፈሱ እስኪረጋጋ 45 ደቂቃ ብንሰጠው ጌሙ 2 ሰዓት ከ45 ላይ መዘጋት አለበት። ረጅሙን ግጥሚያ ከነመጠበቂያው 55 ደቂቃ ብለን ከዚያ ላይ ስንቀንስ 1 ሰዓት ከ50 እናገኛለን። የደብዳቤው ዋና ቁም ነገር ይህ ሆነ፤ የምንስማማው ጌሙ በሚያልቅበት ሰዓት ሳይሆን የመጨረሻው ግጥሚያ በሚጀመርበት ሰዓት ላይ ነው።

ደብዳቤውን በእጄ በአንድ ገጽ ጽፌ ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ዋናው ክፍል እንዲህ ይል ነበር፦

«ልጄ፣ ዋይፋዩን እያጠፋሁ ከጀመርከው ግጥሚያ በተደጋጋሚ ስላስወጣሁህ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ከእንግዲህ የጀመርከውን ግጥሚያ አላቋርጥብህም፤ መሃል ላይም በር ከፍቼ አልጠራህም። በአንተ በኩል ከሰኞ እስከ ሐሙስ በየቀኑ ከሁለት ግጥሚያ እንዳታልፍ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ50 በኋላም አዲስ ግጥሚያ እንዳትጀምር እጠይቅሃለሁ። ይህ ሰዓት ከየት እንደመጣ ከታች በስሌት አስቀምጬልሃለሁ፤ ስህተት ካገኘህበት አርመው። የቤት ሥራህን እንደጨረስክ መጀመር ትችላለህ። ለአራት ሳምንት እንሞክረውና እንደገና እንነጋገር። የማትስማማበትን ቦታ በእርሳስ አስምርበት።»

እሁድ ማታ ወረቀቱ ተመልሶ መጣ። ስሌቱ ላይ ምንም አላሰመረም፤ ይህ ትልቅ እፎይታ ሰጠኝ። ያሰመረው የእኔ እቅድ ጌሙን ከእራት በፊት፣ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ያደረገበትን መስመር ነበር። ጎኑ ላይ «ጓደኞቼ በዚያ ሰዓት የሉም፤ የሚገቡት 1 ሰዓት ላይ ነው። ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር መጫወት ደስ አይለኝም» ብሎ ጽፏል። እኔ ጌምን የምቆጥረው በደቂቃ ብቻ ስለነበር ከማን ጋር የሚለው ጥያቄ ጨርሶ አልታየኝም ነበር። ለልጄ ግን ከሁለት ብቸኛ ግጥሚያ አንድ ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወተው ይበልጥበታል። እራቱን ወደ 12 ሰዓት ተኩል አምጥተን የጌሙን መጀመሪያ 1 ሰዓት ላይ አደረግነው። 1 ሰዓት ላይ የተጀመረ የተለመደ ግጥሚያ ከነመጠበቂያው 1 ሰዓት ከ43 አካባቢ ስለሚያልቅ ለሁለተኛው በቂ ጊዜ ይተርፋል። ሁለተኛው ጥያቄው ያልተጫወተው ግጥሚያ እንዲጠራቀምለት ነበር፤ እስከ ሁለት ግጥሚያ ድረስ ወደ ዓርብ ማታ እንዲዛወር ተስማማሁ፤ በማግስቱ ትምህርት ስለሌለ እንቅልፉን አይነካም።

ከስምምነቱ መጀመሪያ የተሰበረው እኔ በደብዳቤው ላይ ያለ ብዙ ሐሳብ ያስገባሁት «የቤት ሥራህን እንደጨረስክ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው። በሁለተኛው ሳምንት የሒሳብ ደብተሩን ስገልጥ የስድስት ጥያቄ መልስ በስድስት መስመር ተጽፎ አገኘሁ፤ አሠራሩ የለም፣ ፊደሎቹም እርስ በርስ ተደራርበዋል። የቤት ሥራ ማለቅ ለጌም መግቢያ ትኬት ሲሆን ልጁ የሚሠራው ለማወቅ ሳይሆን ለመጨረስ ይሆናል፤ ጥፋቱ ሕጉን የጻፍኩት የእኔ እንጂ የእሱ አልነበረም። አረፍተ ነገሩን ሰርዘን ለትምህርት የራሱን ጊዜ ሰጠነው፤ ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ከሩብ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ ቀድሞ ቢጨርስ ያነባል ወይም ያርፋል እንጂ ጌሙ ከ1 ሰዓት በፊት አይከፈትም። መቸኮል ምንም የማያስገኝ ሲሆን መቸኮሉም ቀረ።

ሁለተኛው ፈተና በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ መጣ። የመጀመሪያው ግጥሚያ ከወትሮው ረዝሞ 52 ደቂቃ ፈጀና ልክ 2 ሰዓት ላይ አለቀ። ልጄ ወደ ሳሎን መጥቶ «አንድ ብቻ ነው የተጫወትኩት፤ ሁለት ተብሏል» አለኝ። እውነት ነው፤ ሁለት ተብሏል። ነገር ግን ሁለቱ ሕጎች ሲጋጩ የትኛው እንደሚበልጥ ደብዳቤው አይናገርም ነበር። ያን ዕለት ልቤ ሊራራ ቢፈልግም የ1 ሰዓት ከ50 ገደቡ እንደሚበልጥ ነገርኩት፤ የጎደለው ግጥሚያ ወደ ዓርብ እንደሚዛወር ሲያስታውስ ፊቱ ተፈታ፤ እዚያው ወረቀቱ ላይ «ሰዓቱ ከቁጥሩ ይበልጣል» ብለን ጨመርን። የመጠራቀሙን ሐሳብ ያመጣው እሱ ባይሆን ኖሮ ያ ምሽት በጠብ ያልቅ እንደነበር አምናለሁ።

ስምምነቱ መሥራቱን የምለካው ጌሙን በመጠበቅ ሳይሆን ጠዋትን በማየት ነው። ሦስት ቀን በተከታታይ ከሁለት ጊዜ በላይ ጠርቼው ካልተነሳ፣ ወይም ቅዳሜ ከወትሮው ከሁለት ሰዓት በላይ ዘግይቶ ከነቃ፣ በሳምንቱ ውስጥ እንቅልፍ ጎድሎበታል ማለት ነው። በአራተኛው ሳምንት ይህ ምልክት ታየ፤ ጌሙ ግን በሰዓቱ ተዘግቶ ነበር። ምክንያቱ ስልኩ ሆኖ ተገኘ፤ አልጋ ውስጥ ሆኖ የሌሎችን ግጥሚያ ይመለከት ነበር። ደብዳቤዬ የተጻፈው ስለ መጫወት እንጂ ስለ ማየት ስላልነበረ ቃሉን አላፈረሰም፤ እኔም አልቆጣሁትም። ስልኮች ሁሉ ከ3 ሰዓት በኋላ ሳሎን እንዲያድሩ ሐሳብ ሳቀርብ «ያንቺም?» ብሎ ጠየቀኝ። የእኔም አልኩት። የመጀመሪያዎቹን ምሽቶች ያለ ስልክ መተኛት ለእኔ ከእሱ ይልቅ ከበደኝ፤ የጠየቅኩት ነገር ምን ያህል እንደሆነም ያወቅሁት ያኔ ነው።

አራቱ ሳምንታት ሲያልቁ ቀጣዩን ደብዳቤ የጻፈው እሱ ነው። በፈተና ሳምንት ግጥሚያው በቀን አንድ እንዲሆን፣ የቀረው ግን ሳይጠፋ ፈተናው ካለቀ በኋላ እንዲቆጠርለት ጠይቋል። ከሥሩ «የማትስማሚበትን አስምሪ» የሚል አለ። እርሳሱን ያነሳሁት ስንት ግጥሚያ ድረስ እንደሚጠራቀም ያልተጻፈበት ቦታ ላይ ብቻ ነው።