ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ ልቆይ? የሰባት ወር ደብተሬ

ደብተሩን የጀመርኩት ኅዳር 14 ማታ ነው። ያን ቀን በአንድ የሒሳብ ሰነድ የተነሳ ከአለቃዬ ጋር ተጋጭተን፣ እዚህ ጎንደር ከፒያሳ እስከ ማራኪ በእግሬ ነው የሄድኩት። ታክሲ መሳፈርም አስጠልቶኝ ነበር። ቤት ገብቼ «በቃ፣ እለቃለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ምን እንደምጽፍ ግን ጠፋኝ።

ለማታውቁኝ፣ በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል ስሠራ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ማታ ማታና እሑድ ከሰዓት ቤት ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። ደሞዜ ተቆራርጦ እጄ ላይ የሚደርሰው 9,800 ብር ነው። ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር እኖራለሁ፤ የቤቱ ወጪ ከሞላ ጎደል እኔ ላይ ነው፣ በወር ወደ 8,000 ብር። ቢሮውን ትቼ ሙሉ ጊዜዬን ለስፌት መስጠት ከፈለግሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። እናቴ ነገሩን ባነሳሁ ቁጥር «ልጄ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ» ትለኛለች።

መጀመሪያ የሞከርኩት ሁላችንም የምናውቀውን ነው፤ ገጹን ለሁለት ከፍሎ በአንድ በኩል ጥቅም፣ በሌላው ጉዳት መጻፍ። ይህ ዘዴ የቆየ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1772 ቤንጃሚን ፍራንክሊን ለወዳጁ ለጆሴፍ ፕሪስትሊ በደብዳቤ የመከረው ይህንኑ ነበር። የሚገርመው፣ ፕሪስትሊም ያን ጊዜ የተቸገረው በሥራ ጉዳይ ነው፤ የያዘውን የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ትቶ አንድ ባላባት ዘንድ ይግባ አይግባ እያሰበ ነበር። ፍራንክሊን «ምን መወሰን እንዳለብህ ልነግርህ አልችልም፣ እንዴት እንደምትወስን ግን እነግርሃለሁ» የሚል ሐሳብ ነው የጻፈለት። ብዙዎቻችን የምንዘለውም እዚያው ደብዳቤ ላይ አለ። ዝርዝሩ በአንድ ጊዜ አያልቅም፤ ሦስት አራት ቀን ሐሳብ በመጣ ቁጥር ይጨመርበታል። ከዚያ ሚዛናቸው እኩል የሆኑት ከግራም ከቀኝም እየተሰረዙ፣ የተረፈው ይታያል።

እኔ በአንድ ማታ ጽፌ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ለመልቀቅ፣ ሰባት ለመቆየት። «አለቃዬ አያከብረኝም» የሚለውና «የቤት ወጪ» የሚለው እኩል አንድ አንድ ነጥብ ይዘው ቁጭ ብለዋል። በማግስቱ ሳየው አፈርኩ። ማጥፋትና መመዘን ስጀምር ደግሞ ሌላ ችግር መጣ፤ ግማሹ ዝርዝር ስሜት ነው፣ ግማሹ ግምት ነው፣ በትክክል የማውቀው ነገር ሁለት ሦስት ብቻ ነበር። ስለዚህ ዝርዝሩን ትቼ ወደ ጥያቄ ዞርኩ።

አምስት ጥያቄ መረጥኩ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት፣ ያለፈውን ገጽ ሳላይ፣ እንደ አዲስ እመልሳቸዋለሁ። ሃያ ደቂቃ፣ በእጅ ጽሑፍ፣ በቃ። የመጀመሪያው «ዛሬ ምን ሆኜ ነው የምጽፈው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ከምንድን ነው የምሸሸው? ወደ ምንስ ነው የምሄደው?» ሦስተኛው «የማውቀው የቱ ነው? የምገምተውስ?» አራተኛው «ከዓመት በኋላ ሥራው ቢከሽፍ፣ በምን ምክንያት ነው የሚሆነው?» አምስተኛው «ምን ባይ ሐሳቤን እቀይራለሁ?»

የመጀመሪያው ቀላል ይመስላል። ግን ከብዙ ገጽ በኋላ ያለፉትን ጎን ለጎን ዘርግቼ ሳነብ በጣም የጠቀመኝ እሱ ነው። ኅዳር ላይ «ተናድጃለሁ፣ አልተኛሁም» ይላል፤ መልሱ እለቃለሁ ነው። ታኅሣሥ መጨረሻ «ደክሞኛል ግን ደስ ብሎኛል፣ ለጥምቀት አሥራ አንድ ቀሚስ ተይዟል» ይላል፤ መልሱ አሁንም እለቃለሁ ነው። የካቲት መጨረሻ ላይ «ሁዳዴ ገባ፣ ማንም አልደወለም» ይላል፤ መልሱ ተገለበጠ። በሦስት ወር ውስጥ እኔ ያው ነኝ፣ ቢሮውም ያው ነው። የተለወጠው ወቅቱ ነበር። ጎንደር ላይ ልብስ የሚሰፋ ሰው ይህ ይገባዋል። ከገና እስከ ጥምቀት ሌሊት አይበቃም፤ ከዚያ የጥር ሠርግ አለ። ጾሙ ሲገባ ሠርግ ይቆማል፣ ማሽኑም ይቆማል።

ዋናው ነገር የተገኘው ግን በሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ ይህን ትንሽ በዝርዝር ልንገራችሁ። «የማውቀው» በሚለው ሥር በተከታታይ አራት ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌያለሁ፤ «ሙሉ ጊዜ ብሠራ ገቢዬ በእጥፍ ይጨምራል።» ነገሩ ስለሚታወቅ አልጠየቅሁትም። መጋቢት ላይ ግን እያንዳንዱን «የማውቀው» ያልኩትን ነገር «በምን አወቅሽ?» ብዬ እንድጠይቅ ደንብ አወጣሁ። በምን አወቅሁ? ታኅሣሥ ውስጥ ጊዜ አጥቼ ስድስት ደንበኛ ስለመለስኩ ነው። ይህ እውነት ነው። ግን የታኅሣሥ እውነት ነው።

የትእዛዝ ደብተሬን አወጣሁ። የጨርቅና የክር ወጪ ተቀንሶ የቀረልኝ ኅዳር 5,400፣ ታኅሣሥ 14,200፣ ጥር 16,900፣ የካቲት 4,100፣ መጋቢት 2,300 ብር ነው። መጋቢት ውስጥ የማሽኑ ክዳን ሳይከፈት የዋለባቸውን ቀናት ቆጠርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። በመጋቢት የጎደለኝ ጊዜ አልነበረም፣ ደንበኛ ነበር። ቢሮ ባልገባ ኖሮ ያንኑ 2,300 ብር ይዤ ቀኑን ሙሉ ቤት እቀመጥ ነበር። ያን ዓረፍተ ነገር ከ«የማውቀው» አውጥቼ ወደ «የምገምተው» አዛወርኩት። አንዲት መስመር ናት፣ ግን ሁለት ዓመት ተሸክሜያት ነበር።

በደሞዙም በኩል እንዲሁ ነው። «ደሞዜ 9,800 ነው» ብዬ ስጽፍ፣ ከመሠረታዊ ደሞዜ 7 በመቶ ከእኔ ተቆርጦ፣ በላዩ 11 በመቶ ድርጅቱ ጨምሮ ለጡረታ እንደሚገባልኝ ረስቼዋለሁ። ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ! ስለቅ እሱም ይቆማል። ሌላው ደግሞ፣ ተናድጄ ዛሬውኑ እወጣለሁ ብል እንኳ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብኝ። ይህም መውጫዬን ከበዓላቱ ጋር አያይዤ እንዳስብ አደረገኝ፤ ደብዳቤውን ታኅሣሥ ባስገባ የምወጣው ጥር ላይ ነው፣ ጥሩው ገበያ ሊያልቅ ሲል።

አራተኛውን ጥያቄ የወሰድኩት አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋሪ ክላይን ፕሪሞርተም ብሎ ካስተዋወቀው ዘዴ ነው። ቁም ነገሩ «ሊከሽፍ ይችላል ወይ?» ብሎ አለመጠየቅ ነው። «ከሽፏል፤ ለምን?» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ልዩነቱ በደንብ ይታያል። «ሊከሽፍ ይችላል ወይ?» ብዬ ስጠይቅ የጻፍኩት «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚል ነበር። «የሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ነው፣ ሱቁን ዘግቻለሁ፣ ለምን?» ስል ግን እጄ አልቆም አለ። መንገድ ተዘግቶ የጥምቀት እንግዳ አልመጣም። ክር ከአዲስ አበባ ሳይደርስ ቀርቶ ሙሽራ አስቀየምኩ። ለዘመድ በዱቤ ሰፍቼ ገንዘቡ አልገባም። ሦስተኛውን ስጽፍ ቆም አልኩ፤ ምክንያቱም ዛሬም እየሆነ ነው። ያልተከፈለኝ ዱቤ 3,700 ብር ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአክስቴም ቢሆን ግማሽ ቀብድ ሳልቀበል መቀስ አላነሳም።

አንድ ችግርም ገጥሞኛል። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ «ከምን ነው የምሸሸው?» ሲል አለቃዬን መክሰስ ጀመርኩ። በየገጹ ያው ክስ፣ ያው ቃል። ጻፍኩ እንጂ አላሰብኩም። አሁን ምልክቱን አውቀዋለሁ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ለሦስተኛ ጊዜ ከመጣና አብሮት አዲስ ቀን፣ አዲስ ቁጥር ወይም አዲስ ሰው ካልመጣ፣ ጽሑፉ ቁስል መነካካት ሆኗል ማለት ነው። እዚያ ላይ አቆምና «ወደ ምን ነው የምሄደው?» ወደሚለው እዘላለሁ። እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ከሆነ ደግሞ ደብተሩን እዘጋለሁ፤ ከእናቴ ጋር ቡና ይሻላል።

አምስተኛው ጥያቄ ላይ ቁርጥ ያለ መልስ የጻፍኩት ሚያዝያ ውስጥ ነው። ሦስት ነገር ጻፍኩ። አንደኛ፣ የስድስት ወር የቤት ወጪ፣ 48,000 ብር፣ በባንክ ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ ዱቤ ዜሮ ይሆናል። ሦስተኛ፣ በበዓልና በሠርግ ላይ ያልተንጠለጠለ ቢያንስ አንድ ቋሚ ሥራ ይገኛል። ሦስቱ እስከ መስከረም 30 ከተሟሉ ደብዳቤውን አስገባለሁ። አንዱ ከጎደለ እቆያለሁ፣ እስከሚቀጥለው ዓመት መስከረም ጥያቄውን አላነሳውም። ይህን ለእናቴ አነበብኩላት። ብዙ አላለችም። «ቁጥሩን አሳዪኝ» ብላ ደብተሩን ተቀብላ መነጽሯን አደረገች። ሁለት ዓመት ስንከራከር ቁጥር አሳይቻት አላውቅም ነበር።

ዛሬ ሰኔ ነው። ሚያዝያ 9,700፣ ግንቦት 8,200 ገባ። የሰባቱ ወር አማካይ ወደ 8,700 ብር ይመጣል፣ ከቤት ወጪያችን ትንሽ ይበልጣል። አማካዩን ግን አላምነውም፤ መጋቢትን ይደብቃል። ዱቤው ተሰብስቧል፣ 400 ብር ብቻ ቀርቷል። ባንክ ያለው 31,500 ብር ነው።

ሦስተኛው ገና ነው። በመዝሙር ለሚያገለግሉ የአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ልብስ ልሰፋ ተነጋግሬ ነበር፣ ግን እሱም ለበዓል የሚፈለግ ስለሆነ አልቆጠርኩትም። አሁን የማሳድደው የተማሪ ዩኒፎርም ነው። የሚሰፋው ነሐሴ ላይ ነው፣ ልክ ቀሚስ በማይታዘዝበት ክረምት። አዘዞ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ናሙና አምጪ ብሎኛል። ሸሚዙን ሰፍቼ ጨርሻለሁ፤ ኮሌታው ሁለት ጊዜ ፈትቼው ነው የተስተካከለው። ቀሚሱ ዛሬ ማታ ያልቃል። ሰኞ በምሳ ሰዓት እወስደዋለሁ፣ መልሱን ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት በሦስተኛው ጥያቄ «የማውቀው» በሚለው ሥር እጽፈዋለሁ።