በምዕራፍ በሚከፈል ግንባታ የታይምሺትን ወጪ በኢአርፒ እንዴት እንዳስተካከልኩ

የውሉ ዋጋ 10 ሚሊዮን፣ የተገመተው ጠቅላላ ወጪ ደግሞ 8 ሚሊዮን ነው እንበል። ክፍያው በአራት ምዕራፍ ይፈጸማል፦ ለመሠረት 20 በመቶ፣ ለስትራክቸር 40፣ ለፊኒሺንግ 30፣ ለርክክብ 10። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ወጪው 2.4 ሚሊዮን ደርሷል፤ ኢንቮይስ የተቆረጠው ግን ለመሠረቱ ብቻ ስለሆነ በ`ERPNext` የፕሮጀክቱ `Gross Margin` የ400 ሺህ ኪሳራ ያሳያል። ሥራው አልከሰረም። የስትራክቸሩ ወጪ ቀድሞ ገብቷል፣ ገቢው ግን ምዕራፉ ጸድቆ ኢንቮይስ እስኪቆረጥ አይታይም።

መጀመሪያ ያስተካከልኩት የታስኮቹን አደረጃጀት ነው። ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ዋና ታስክ ከፈትኩና እንደ ፎርምወርክ፣ ብረት ማሰርና ኮንክሪት ሙሌት ያሉትን ሥራዎች በሥሩ አስገባሁ። ታስክ ያልተመረጠበት ታይምሺት እንዳይጸድቅ ከለከልኩ። `Is Billable` የሚለውን ምልክት አጠፋሁት፤ ከበራ የሠራተኛው ሰዓት ከምዕራፉ ክፍያ ተለይቶ እንደገና ኢንቮይስ ላይ ሊገባ ይችላል። ታይምሺት `Submit` እስኪደረግ ድረስ ወጪው ፕሮጀክቱ ላይ አይደመርም፤ ስለዚህ ኢንቮይስ ከመቁረጤ በፊት በ`Draft` የቀረ ካለ አጣራለሁ።

ቀጥሎ የሰዓት ተመኑ መጣ። `Activity Cost` ላይ የሚሞላው `Costing Rate` ደመወዝን በውል ሰዓት ብቻ በማካፈል የሚገኝ መሆን የለበትም። አንድ ፎርማን ጡረታና ፈቃዱ ተጨምሮ በወር 24,000 ቢያስወጣ፣ በ208 ሰዓት ሲካፈል 115 ገደማ ይወጣል። በዝናብ፣ በፈቃድና ዕቃ በመጠበቅ የሚያልፈው ሰዓት ተቀንሶ በትክክል የሠራው 160 ሰዓት ከሆነ ግን ተመኑ 150 ነው። በ115 ብናሰላ ከእያንዳንዱ ሰዓት 35 የሚጠጋው ወጪ ከፕሮጀክቱ ሂሳብ ውጭ ይቀራል። ታይምሺት በዋናው መዝገብ ላይ ሂሳብ አይመዘግብም፤ ደመወዙ የሚመዘገበው በፔይሮል ነው። ሁለቱን በአንድ ሪፖርት የደመረ ሰው ጉልበቱን ሁለት ጊዜ ይቆጥራል።

ትክክለኛውን ትርፍ ለማየት በየወሩ የማሰላው ይህን ነው፦

```
ገቢ = የውል ዋጋ × (እስካሁን የወጣ ወጪ ÷ የተገመተ ጠቅላላ ወጪ)
```

2.4 ለ8 ሲካፈል 30 በመቶ ነው፤ የተገኘው ገቢ 3 ሚሊዮን፣ ትርፉ 600 ሺህ፣ ያልተጠየቀው ክፍያ 1 ሚሊዮን። የዚህ ስሌት አደጋ የተገመተው ጠቅላላ ወጪ ነው። ቀሪው ሥራ ከ5.6 ወደ 6.4 ሚሊዮን ቢያድግ ጠቅላላው 8.8 ይሆናል፤ ትርፉም ወደ 327 ሺህ ይወርዳል። ስለዚህ ቀሪውን ሥራ ሳይት መሐንዲሱ በየወሩ አዲስ ይገምተዋል እንጂ ከመነሻው በጀት ላይ የወጣውን በመቀነስ ብቻ አልተወውም።

በመጨረሻ፣ የጸደቀ ምዕራፍ ታስክ ሲዘጋ ፎርማኑ የመሠረቱን ጥገና ሰዓት በስትራክቸር ላይ ይጽፋል። በእያንዳንዱ ምዕራፍ ሥር «ድጋሚ ሥራ» የሚል ታስክ እስከ ርክክቡ ክፍት ሳቆይ፣ የስትራክቸር ወጪ መስሎ የነበረው የመሠረት ጉድለት ለብቻው ወጣ።