የስልክ ቁጥሩ እግር የተቆረጠበት ፖስተር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የሥዕል ዐውደ ርእይ የሚሆን ፖስተር ሠርቼ፣ ፋይሉን በኤ2 መጠን፣ ማለትም በ420 በ594 ሚሊሜትር፣ ለማተሚያ ቤቱ ላክሁ። ጀርባው ከዳር እስከ ዳር ጥቁር አረንጓዴ ሲሆን፣ የስልክ ቁጥሩ ከታችኛው ጠርዝ 4 ሚሊሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ተቀምጦ ነበር። በማግስቱ ፋይል የሚያዘጋጀው ባለሙያ ደውሎ «ወንድሜ፣ ይኼ ፋይል ብሊድ የለውም፤ በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ጨምርበትና መልሰህ ላክልኝ» አለኝ።

ፖስተሩ የሚታተመው ከመጠኑ በሚበልጥ ወረቀት ላይ ነው፤ ከዚያም ተከምሮ በመቁረጫ ማሽን ይከረከማል። ቢላው ወፍራሙን ክምር ተጭኖ ሲወርድ ወረቀቱ በጥቂቱ ስለሚንሸራተት፣ ከላይ ያለውና ከታች ያለው ቅጂ እኩል ቦታ ላይ አይቆረጡም። ቀለሙ ልክ መቁረጫው መስመር ላይ ካበቃ፣ የግማሽ ሚሊሜትር መዛነፍ እንኳ በአረንጓዴው ዳር ላይ ነጭ ክር ያወጣል። ብሊድ የሚባለው ከመስመሩ አልፎ የሚታተመው ትርፍ ቀለም ነው።

እኔ ግን ቸኩዬ ስለነበር ገጹን 426 በ600 አደረግሁና፣ ሁሉንም ነገር በአንድነት መርጬ ስፋቱ እስኪሞላ ድረስ ከመሐል አሳደግሁት። ስክሪን ላይ ምንም የጎደለ አይመስልም ነበር። ስሌቱን የሠራሁት፣ አሳፋሪ ቢሆንም፣ ፖስተሩ ታትሞ ከመጣ በኋላ ነው። ስፋቱ 426 ሲሞላ ቁመቱ 602.5 ገደማ ስለደረሰ፣ የንድፉ የታችኛው ጠርዝ ከመቁረጫው መስመር 4.2 ሚሊሜትር ያህል ወጥቶ ነበር፤ የስልክ ቁጥሩ ግን ከዚያ ጠርዝ አሁንም የሚርቀው 4 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሮቹ ቢላው የሚያርፍበት መስመር ላይ ቆመው ነበር ማለት ነው። በአንዳንዱ ቅጂ ጠርዙን ነክተው ተርፈዋል፤ በሌላው ደግሞ የ2 ቁጥር መሠረት ተቆርጦ የጥያቄ ምልክት ሊመስል ምንም አልቀረውም።

በሁለተኛው ዙር ገጹን ወደ 420 በ594 መልሼ፣ በኢንዲዛይን Document Setup ውስጥ Bleed የሚለውን በአራቱም ጎን 3 ሚሊሜትር ሞላሁ። ወደ ውጭኛው ቀይ መስመር የጎተትሁት አረንጓዴውን ጀርባና ጠርዝ የሚነካውን ሥዕል ብቻ ነው፤ ደግነቱ የሥዕሉ ዋና ፎቶግራፍ ትርፍ ቦታ ነበረው። ጽሑፉን ሁሉ፣ የስልክ ቁጥሩን ጨምሮ፣ ከመቁረጫው መስመር 10 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ አስገባሁት። ፒዲኤፍ ሲወጣ Use Document Bleed Settings የሚለው ምልክት ካልተደረገበት ትርፉ ከፋይሉ ውጭ ስለሚቀር፣ ያለ መቁረጫ ምልክት ያወጣሁትን ፒዲኤፍ ከፍቼ የገጹ መጠን 426 በ600 መሆኑን አየሁ።

ደንበኛው ዙሪያውን ቀጭን ነጭ ክፈፍ ጠርዙ አጠገብ እንዳደርግለት ጠይቆኝ ነበር። ክፈፉ ከጠርዙ 3 ሚሊሜትር ቢርቅ፣ ቢላው 1 ሚሊሜትር ሲዛነፍ በአንዱ ጎን 2፣ በሌላው 4 ሆኖ ለማንም ዓይን ይጋለጣል፤ ስለዚህ 15 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ገፋሁት።