ደግነቷ ለሁሉም ነው ወይስ ለእኔ?

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የምታሳየኝ ደግነት ፍቅር ይሁን ተራ ወዳጅነት ግራ ገብቶኝ ነበር፤ አሁን ግን ብዙ ጠርቶልኛል። ቢሮአችን ስታዲየም አካባቢ ነው። ጠዋት ስትገባ «ማሬ፣ እንዴት አደርክ?» ትለኛለች። ያመመኝ ጊዜ ደውላ ጠይቃኛለች፤ አርብ በየዓይነቱ ስንበላም ታጎርሰኛለች። ለየብቻ ሲታይ ሁሉም ልብ ያንጠለጥላል።

የጠቀመኝ እኔን ምን አለችኝ ማለቱን ትቼ ሌላውን ሰው እንዴት እንደምትይዝ ማየቴ ነው። የሒሳብ ክፍሏንም ልጅ «ማሬ» ትላታለች። ጥበቃው ጋሼ ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ ካሉ ሳያጎርሷት አትለቃቸውም፤ እሷም መልሳ ታጎርሳቸዋለች። በእኛ አገር ጉርሻ ለእንግዳም ለአማችም ስለሚሰጥ ብቻውን ስለ ፍቅር የሚነግረን ነገር የለም።

አንድ ነገር ግን አልወጣ አለኝ፦ ማታ ማታ ጠብቃኝ አብረን እስከ ለገሃር በእግር እንሄዳለን። ቀረብ ብዬ ሳየው የእሷም ታክሲ የሚገኘው እዚያው ነው። ሥራ ይዞኝ ያመሸሁ ቀን ከሌላ ሰው ጋር እየተጫወተች ሄደች። ለእኔ ስትል መንገዷን ወይም ሰዓቷን ቀይራ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር።

አንቶኒያ አቤይ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1982 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመችው ጥናት እዚህ ላይ ረድቶኛል። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ለ5 ደቂቃ ሲያወሩ፣ ሌላ ወንድና ሌላ ሴት ተደብቀው ያዩዋቸው ነበር። ወንዶቹ የሴቲቱን ተግባቢነት ከሴቶቹ ይልቅ እንደ ማማለል ቆጠሩት። ስለዚህ ወንድ ስሆን ግምቴ ወደየት ሊያጋድል እንደሚችል አውቄ መነሳት አለብኝ።

ቀሪውን ማወቅ የሚቻለው በመጠየቅ ነው፤ እምቢ ማለት በማይከብድ መንገድ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። «ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ ቡና እንጠጣ? ካልተመቸሽ ምንም አይደል» አልኳት። «ውይ ደስ ይለኛል! እነ ሒሳብ ክፍልንም እንጥራቸዋ» አለች። ፍላጎት ያለው ሰው ቅዳሜ ባይመቸው እሑድን ያነሳል፤ እሷ ግን ሁለት ሰው የነበረውን ግብዣ የቡድን አደረገችው። እንደ እምቢታ ወሰድኩት፤ አልደገምኩትም። ተሰብስበን ሄድን፣ ደስ ብሎን ዋልን። ሰኞም «ማሬ» አለችኝ፣ ልክ እንደ በፊቱ።

የሥራ አለቃዋ ብሆን ግን ይህን ጥያቄ ጭራሽ አላነሳውም ነበር። ፈቃዷንና የሥራ ግምገማዋን የሚፈርም ሰው ቡና ሲጋብዛት «እሺ» ብትል፣ ፈልጋ ይሁን ፈርታ ከፊቷ መለየት አይቻልም።