ዓሣው በደንብ በስሎ ነበር

ነገሩ የተፈጠረው በአንድ የሠራተኞች መመገቢያ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ 10 ኪሎ ማከሬል መጣ። ጀርባው ላይ ጥቁር ሞገድ የመሰለ መስመር ያለው፣ ሥጋው ቅባት የበዛበት ዓሣ ነው። ተረካቢው መዘነ፣ ፈረመ፣ ሳጥኑንም ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ አስቀመጠው፤ የማቀዝቀዣው ክፍል እየታጠበ ስለነበር ለጊዜው ማስገቢያ አልነበረም። ከላይ የተነሰነሰው በረዶ ቀልጦ የታችኞቹ ዓሦች ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ተኝተው ቆዩ። ወደ ማቀዝቀዣ የገቡት ሰባት ሰዓት ላይ ነው፣ ከአምስት ሰዓት በኋላ ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሳጥኑን የከፈተው ወጣት አብሳይ አንዱን አንስቶ ወዲያው መልሶ አስቀመጠው። የትኩስ ዓሣ ቆዳም ልጋግ አለው፤ ግን ያ ልጋግ ውኃ የመሰለ ንጹሕና የሚያዳልጥ ነው። ይኼኛው ወተት የመሰለ ደፍራሳ ነበር። መዳፉ ላይ ተለጠፈ፣ ጣቶቹን ሲለያይም ክር እየሠራ ተሳበ። ሽታው ደግሞ የዓሣ ሽታ ብቻ አልነበረም፤ ሽንት ቤት ማጽጃ ሲደፋ እንደሚሸተው አፍንጫን ወግቶ ዓይን የሚያስለቅስ ነበር።

«ሼፍ፣ ይሄ ዓሣ አሞኒያ አሞኒያ ይላል። ቆዳውም እጅ ላይ ይጣበቃል።»

«በደንብ እጠበው፤ ኮምጣጤና ሎሚ አድርግበትና ሃያ ደቂቃ ይቀመጥ። ከዚያ ጠብሰው። እሳት የማይገድለው ነገር የለም።»

ልጁ የታዘዘውን አንድም ሳያጎድል አደረገ። ኮምጣጤው ውስጥ ከቆየ በኋላ ሽታው ጠፋ። ነጭ ሽንኩርት ገባበት፣ በጋለ ዘይት ተጠበሰ። ቴርሞሜትሩን በወፍራሙ የሥጋ ክፍል ሲሰኩት 78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሳየ። ለዓሣ ተብሎ የሚመከረው 63 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ በብስለት በኩል ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም።

ምሳ ላይ 14 ሰው በላ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አንዷ ተመጋቢ ፊቷና አንገቷ ቀላ፣ አፏን እንደ ሚጥሚጣ አቃጠላት፣ ልቧም ይመታ ጀመር። ቀጥሎ ሌላው ራስ ምታትና ማሳከክ፣ ሌላው ተቅማጥ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስድስት ሰው ታመመ። መጀመሪያ የተባለው «ለዓሣ አለርጂክ ናቸው» ነው። ስድስት ሰው ግን በአንድ ቀን፣ ከአንድ መጥበሻ በልቶ በአንድ ላይ አለርጂክ አይሆንም። የሕክምና ባለሙያው የበሉትን ሲጠይቅ ነገሩ ግልጽ ሆነለት፤ የሂስታሚን መመረዝ ነው። አንቲሂስታሚን ተሰጥቷቸው በዚያው ቀን ተሻላቸው። ትንፋሽ ቢያጥራቸው ወይም ራሳቸውን ቢስቱ ኖሮ ግን ነገሩ ድንገተኛ ክፍል የሚያስሮጥ ይሆን ነበር።

ስህተቱ ያለው «እሳት የማይገድለው ነገር የለም» በሚለው አነጋገር ውስጥ ነው። እሳት ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ባክቴሪያው ሠርቶ የተወውን ግን አያጠፋም። እንደ ማከሬል፣ ቱና እና ሰርዲን ያሉ ዓሦች ሥጋቸው ውስጥ ሂስቲዲን የተባለ ንጥረ ነገር በብዛት አለ። ዓሣው ሲሞቅ ባክቴሪያ ይራባና በሚያመነጨው ኢንዛይም ሂስቲዲኑን ወደ ሂስታሚን ይለውጠዋል። ሂስታሚን ደግሞ ሙቀት አይበግረውም። መጥበስ፣ መቀቀል፣ ማጨስ፣ በቆርቆሮ ማሸግም ሆነ ማቀዝቀዝ አያስወግደውም። በ78 ዲግሪ የበሰለው ዓሣ ውስጥ የነበረው መርዝ የተሠራው በእነዚያ አምስት ሰዓታት ነው። ኢንዛይሙ አንዴ ከተፈጠረ ባክቴሪያው መራባቱን ቢያቆም እንኳ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቀስ እያለ መሥራቱን ስለሚቀጥል፣ የማታው ቅዝቃዜም ሙሉ በሙሉ አላዳነውም።

ኮምጣጤው ያደረገውንም ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ አብሳይ የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። የአሞኒያና የመሰሎቹ ሽታ ወደ አየር የሚወጣው በነጻ ሲሆኑ ነው። አሲድ ሲያገኛቸው ወደ ጨው ይለወጡና በማይተን መልክ ሥጋው ውስጥ ይቀራሉ። አፍንጫ ዝም ይላል እንጂ ዓሣው አልታደሰም። ሂስታሚኑ ደግሞ መጀመሪያውኑ ሽታ የለውም። ኮምጣጤው ያጠፋው ማስጠንቀቂያውን ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ከባድ ነው። የሚሸት ዓሣ ይጣላል፤ የማይሸት ዓሣ ሁሉ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም። ከቅዝቃዜ ውጭ ቆይቶ የሞቀ ጥሬ ቱና ገና ሽታው ሳይለወጥ ሂስታሚን ሊሞላው ይችላል። ስለዚህ መተማመኛው ከአፍንጫ በፊት የሙቀት ታሪኩ ነው። ከ14ቱ ስምንቱ ያልታመሙትም በዕድል ነው፤ ሂስታሚን በሳጥኑ ውስጥ እኩል አይሰራጭም፣ በአንድ ዓሣ ጭራና ጭንቅላት መካከል እንኳ ይለያያል። «እኔ በልቼ ምንም አልሆንኩም» የሚለው ምስክርነት ለጎረቤቱ ሳህን አይሠራም።

አሞኒያ የሚሸት ሁሉ መነሻው አንድ አይደለም። ሻርክና እንደ ምንጣፍ የተዘረጋው ሬይ ሥጋቸው ውስጥ ዩሪያ አለ፤ ከሞቱ በኋላ ባክቴሪያ ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ይሰብረዋል። በእነርሱ ላይ ሽታው ከሌሎቹ ቶሎ ይመጣል። ቢሆንም አፍንጫ የሚወጋ ከሆነ አያያዙ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ሲበስል ሽታው እየበረታ እንጂ እየቀነሰ አይሄድም። ሽሪምፕም እንዲሁ ነው፤ ጥሬው ላይ ትንሽ ሽው ያለው አሞኒያ ድስቱ ሲከደን ይጋነናል። ድስቱ ሲከፈት አሞኒያ ከሸተተ ምግቡ ለተመጋቢ አይቀርብም።

እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ሥራው የተቀየረው ርክክቡ ላይ ነው። ከሚዛኑ በፊት ቴርሞሜትር ይገባል፤ ከሳጥኑ ሥር በተነሳ ዓሣ ወፍራም ሥጋ ላይ ይሰካል። የላይኛው ሁልጊዜ በረዶ ስለሚነካው ያታልላል። ከ4 ዲግሪ በላይ ካሳየ አይፈረምም። ቀጥሎ ጣት ጀርባው ላይ ይጫናል፤ ጉድጓዱ ወዲያው ካልተመለሰ ይመለሳል ዓሣው ራሱ። የጉንጩ ሽፋን ተገልጦ ከሥሩ ያለው መተንፈሻ ይታያል፤ ደማቅ ቀይ መሆን ሲገባው ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ፣ ልጋጉም የሚጣበቅ ከሆነ፣ እንደገና ማጠብ አይሞከርም። ማጠብ ላዩን ያነጻል እንጂ ሥጋው ውስጥ የገባውን አያወጣም። የገባው ዓሣ ደግሞ ዙሪያውን፣ ከሥርም ከላይም፣ የተፈጨ በረዶ ይደረግበታል፤ የሳጥኑ ሥር ቀዳዳ ኖሮት የቀለጠው ውኃ ይፈሳል። ማቀዝቀዣ ክፍሉ የሚታጠበውም ዓሣ በማይመጣበት ቀን ሆነ።

አንድ ነገር ግን በጊዜው አልተደረገም። ሰዎቹ መታመማቸው ሲሰማ የወጥ ቤቱ ሠራተኞች ደንግጠው የቀረውን ጥብስ ሁሉ ደፉት። ሂስታሚን ማቀዝቀዝ ስለማያጠፋው ከእያንዳንዱ ሳህን ጥቂት በላስቲክ አሽጎ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ቢቻል ላብራቶሪ መጠኑን ይለካው ነበር። ዓለም አቀፉ የምግብ መስፈርት ኮዴክስ በአንድ ኪሎ ከ200 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይላል። ለምርመራ የተገኙት ሳጥኑ ውስጥ የቀሩት ሁለት ጥሬ ዓሦች ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ከላይኛው ረድፍ፣ በረዶ ሲነካቸው ከቆዩት መካከል ናቸው።